«የምትደውዪው ሲቸግርሽ ብቻ ነው» አለችኝ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ክፍል ስሠራ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። አሁን ሲኒየር አካውንታንት ነኝ። በቅርቡ ባለቤቱ ድርጅቱ ሊዘጋ እንደሆነ ነገሩን። ደመወዝ ያለን እስከ ሰኔ 30 ብቻ ነው።

ደንግጬ ስልኬ ላይ ላሉት ሰዎች በሙሉ «ሥራ ካለ አስታውሱኝ» ብዬ ከሲቪዬ ጋር በቴሌግራም ላክሁ። ከ40 በላይ ይሆናሉ። የመለሱልኝ ስድስት ናቸው፤ አብዛኞቹም «አይዞሽ» ብለው ዝም አሉ። አንዷ ከእኔ ጋር ሦስት ዓመት ሠርታ የወጣች ልጅ ናት፤ አሁን ጥሩ ቦታ ደርሳለች። «አምስት ዓመት ሙሉ ድምፅሽን ሰምቼ አላውቅም፤ የምትደውዪው ሲቸግርሽ ብቻ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስትወልድ እንኳ አልጠየቅኳትም። ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ።

በሥራዬ አልታማም። ግን ኑሮዬ ከሥራ ወደ ቤት ነው። ሰው ጋ መጠጋት ማጎብደድ ይመስለኛል፤ በዘመድ መቀጠርንም እጠላለሁ። ባለቤቴ «ዕድር ሳትከፍዪ ድንኳን ልትጠይቂ ነው» ይለኛል። አሁን ረፍዶብኛል? ለእነዚያ ሰዎች ደግሜ ልጻፍላቸው ወይስ ልተወው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣

ከልጅቷ ልጀምር፤ ያስለቀሰችሽ እሷ ናትና። ከ40 ሰው መካከል የሚሰማውን በግልጽ የነገረሽ ስንት ነው? እሷ ብቻ። ሌሎቹ መልእክትሽን አይተው አለፉ። ሰው የሚቀየመው የሚወደውን ነው፤ ግድ የማይሰጠውንማ ያልፈዋል። ስለዚህ እኔ መልሷን በር መዝጋት አድርጌ አላየሁትም።

ደውዪላት። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ። «ልክ ነሽ። ስትወልጂ አለመጠየቄ እስካሁን ያሳፍረኛል። የደወልኩት ለሥራ አይደለም፤ ልጅሽን ላይ ልምጣ ወይ?» በያት። ሌላ አትጨምሪ። የአራስ ጥየቃው አምስት ዓመት ዘግይቶ በሩን ልጁ ራሱ ቢከፍትልሽም ግድ የለም። የሥራ ወሬ ከተነሳ እሷ ታንሳው። ካላነሳችው ቡናሽን ጠጥተሽ ተመለሺ። እዚያ ቤት ሄደሽ ሲቪ ከቦርሳሽ ብታወጪ ግን የተናገረችውን በራስሽ እጅ አረጋገጥሽላት ማለት ነው።

አሁን ወደ 40ው መልእክት እንሂድ። መልስ ያጣሽው ሰው ሁሉ ጨካኝ ስለሆነ አይመስለኝም። «ሥራ ካለ አስታውሱኝ» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል እንጂ ለተቀባዩ ከባድ ነው። ምን ዓይነት ሥራ? በየትኛው ደረጃ? ደግሞስ ስምሽን አለቃው ፊት ሲያነሳ የራሱን ስም ማስያዙ ነው። የድሮ የክፍል ጓደኛሽ ወይም ጎረቤትሽ ደግነትሽን ያውቃሉ፤ የባንክ ማስታረቂያሽ በየወሩ በጊዜው መድረሱን ግን አያውቁም። ሥራሽን ያላየ ሰው በምን ይዋስሽ?

ይህን የምልሽ ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ለብዙ ዓመት ስለተቀመጥኩ ነው። ሒሳብ ክፍል ስመራ ሰው ስቀጥር ኖሬያለሁ። አንድ ሲቪ ደስ ካለኝ ቀጥሎ የማየው የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪሽ የሥራሽን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ ማስረጃ ይሰጥሻል። ከድርጅቱ ከመውጣትሽ በፊት እሱን በእጅሽ አስገቢ፤ ድርጅት ከተዘጋ በኋላ ማኅተም ፍለጋ መዞር አበሳ ነው። ግን ልብ በዪ፤ ደብዳቤው እንዴት እንደሠራሽ አይናገርም። ጎበዟም ሰነፏም ዘጠኝ ዓመት ብትሠራ ሁለቱም «ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል» ነው የሚባሉት።

ስለዚህ ስልክ አነሳ ነበር። ያንን ድርጅት የሚያውቅ ሰው እፈልግና «እዚያ የነበረች አንዲት ልጅ ልታመለክት መጥታለች፤ እንዴት ናት?» እለዋለሁ። መልሱ በሦስት ሰከንድ ይመጣል። «ኧረ እንዳታመልጥሽ!» ካለኝ አበቃ። «እእ… ደህና ናት» ካለኝም አበቃ። ያቺ «እእ» ስንት ያማረ ሲቪ ጥላለች! ሙያዊ ስም የሚባለው ነገር፣ ቢያንስ በእኛ ሙያ፣ ያቺ የሦስት ሰከንድ መልስ ናት። የምትሠራውም ስልኩ ከመደወሉ ከዓመታት በፊት ነው።

ማጎብደድና ዘመድ ያልሽውም እዚህ ጋ ይለያል። በዘመድ መቀጠር ማለት ሥራሽን ያላየ ሰው በሥጋ ወይም በአገር ልጅነት ሲናገርልሽ ነው። ያየ ሰው ያየውን ሲናገር ግን ምስክርነት ነው። የመጀመሪያውን መጥላትሽ ደስ ይለኛል። ችግሩ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለሽ መጥላትሽ ነው።

ታዲያ ሥራሽን ያየ ማነው? ባለቤትሽ ዕድር አልከፈልሽም ይልሻል። በጓደኞችሽ በኩል ልክ ነው። ነገር ግን አንቺ ሳታውቂው ሌላ ቦታ ስትከፍዪ የኖርሽ ይመስለኛል። ኦዲተሮቹን አስቢያቸው። በየዓመቱ አንድ ሲኒየርና ሁለት ሦስት ጀማሪ ልጆች ይመጡ የለ? ሰኔ 30 መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲቆጠር አቧራ ለብሰው ከእናንተ ጋር የሚቆሙት። ከዚያ ለሳምንታት አንድ ጠባብ ክፍል ተሰጥቷቸው ቫውቸር ሲያገላብጡ የሚውሉት። እነዚያ ልጆች ሥራሽን ከአለቃሽ በላይ ያውቁታል። አለቃሽ የሚያየው የመጨረሻውን ሪፖርት ነው፤ እነሱ ያዩት ፋይልሽን ነው። የጠየቁትን ሰነድ በዚያው ቀን ሰጠሽ ወይስ ሳምንት አስጠበቅሽ? የማታውቂውን «አላውቅም» አልሽ ወይስ ቀባጠርሽ? ሁሉንም ያስታውሱታል። ለማስታወስ ሳይፈልጉም እንኳ ያስታውሱታል፤ በዓመት የሚገቡበት ድርጅት ብዙ ስለሆነ ያወዳድሩሻል።

ሌላም ነገር አለ። ኦዲት ቤት ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን አይቆይበትም። ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ ፈተናቸውን እየጨረሱ፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅት ይወጣሉ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ካርቶን የቆጠረልሽ ጀማሪ ዛሬ የፋይናንስ ኃላፊ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

የራሴን ልንገርሽ። ወጣት አካውንታንት ሳለሁ አንድ የባንክ ገቢ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ነበር። ቀላል ብር አልነበረም። ያገኘሁት ኦዲተሮቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። ሌሊቱን ማስተካከያ ምዝገባውን ሠርቼ፣ ደጋፊ ሰነዱን አያይዤ፣ ጠዋት ለመጣችው ጀማሪ ኦዲተር «ይሄ የእኔ ስህተት ነው» ብዬ ሰጠኋት። አለቃዬ «ምን አስቸኮለሽ? ካገኙት ያገኙት ነበር» ብሎ ተቆጣኝ። ልጅቷ ምንም አላለችም። ጻፈችና አለፈች። ስድስት ዓመት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። የአንድ አምራች ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ሆናለች። «ሳላገኝባት ስህተቷን ይዛ የመጣችልኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ።

በዚያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ የተገናኘን ይመስልሻል? አራት ጊዜ ቢሆን ነው። ፈተና ስታልፍ «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። አንዴ ስለ ቅድመ ግብር ቅነሳ አሠራር ጠይቃኝ የማውቀውን መለስኩላት። አንዴ እኔ ጠየቅኳት። አንዴ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኝተን እየተሳሳቅን አብረን ሄድን። በቃ። አንድም ራት፣ አንድም ግብዣ የለበትም። ማታ ማታ ልጆችሽን ትተሽ ስብሰባ እንድትዞሪ የሚነግርሽ ካለ አትስሚው።

ይህ የእኔ ዕድል ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ በ1973 እ.ኤ.አ. ላሳተመው ጥናት ቦስተን አጠገብ ባለች ኒውተን የምትባል ከተማ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። ወሬውን የነገራቸውን ሰው ቶሎ ቶሎ ያገኙት የነበሩት ከስድስት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ነበር የሚያገኙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛሽ የሚሰማው ወሬ አንቺ የምትሰሚውን ነው። ይባስ ብሎ የአንቺዎቹ የቅርብ ጓደኞች እዚያው የሚዘጋው መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሆናሉ። አዲስ ወሬ ያለው ራቅ ያለ ግን የሚያውቅሽ ሰው ጋ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የኦዲት ፋይሎቹን አውጪ። ከመጀመሪያው ዓመትሽ ጀምሮ የመጡትን ሰዎች ስም ጻፊ። ቀጥሎ በባንክ የኤልሲ ክፍል አብራችሁ ሰነድ ያመላለሳችሁትን፣ ትራንዚተሩን፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ሲበላሽ የሚመጣውን ልጅ፣ ከእናንተ ወጥተው የሄዱትን ባልደረቦች ጨምሪ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ነገር ብቻ ጻፊ፤ «ምን ስሠራ አየኝ?»። መልስ ያጣሽለትን ስም ሰርዢው። ሰባት ስምንት ሰው ቢቀርሽ ብዙ ነው።

ለእነዚህ ስትጽፊ ሥራ እየፈለግሽ እንዳልፈለግሽ አትሁኚ። ከዓመታት በኋላ «ሰላም ነው? ጠፋህ» ብለሽ ሦስት ቀን ከርመሽ ሲቪ መላክ ከሁሉም ይከፋል፤ ሰው ይነቃል። አብራችሁ ያሳለፋችሁትን አንድ ነገር አንሺ፣ እውነቱን ንገሪ፣ የምትፈልጊውን አጥብበሽ አስቀምጪ፣ እምቢ የሚልበትን በር ክፍት ተዪለት። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሰላም ነህ? በ2012 ኦዲት ስትመጡ ቋሚ ንብረት አብረን ቆጥረን፣ መዝገብ ላይ የሌለ ፎርክሊፍት ያገኘን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ድርጅታችን ሰኔ መጨረሻ ላይ ይዘጋል፤ ሥራ እየፈለግኩ ነው። የምፈልገው አስመጪ ወይም አምራች ድርጅት ውስጥ በቋሚ ንብረትና በዕቃ ሒሳብ ላይ ነው። እኔን የመሰለ ሰው ዛሬ የት ቢያንኳኳ ይሻላል ትላለህ? አሥር ደቂቃ ብትሰጠኝ እደውላለሁ። ካልተመቸህም ምንም አይደል።»

ፎርክሊፍቱን እኔ ፈጠርኩት፤ አንቺ የራስሽ ፎርክሊፍት አይጠፋሽም። ልዩነቱን ግን አየሽው? ሥራ አምጣልኝ አላልሽውም፤ የሚያውቀውን ነው የጠየቅሽው። አሁንም ኦዲት ቤት ያለ ሰው ከሆነ የደንበኞቹን ምስጢር ሊነግርሽ አይችልም፤ ስለ እገሌ ድርጅት አትጠይቂው። ደንበኛው ጋ ሰው መጠቆምም ላይመቸው ይችላል። ዝም ካለሽ ንቆሽ ነው ብለሽ አትደምድሚ። ጊዜውንም አስቢ። ሐምሌ ከገባ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የሒሳብ ሰው ሁሉ መዝጋትና ግብር ማሳወቅ ላይ ነው፤ ቀና ብሎ አያይሽም። ከሰኔ አጋማሽ በፊት ጻፊላቸው።

ለ40ዎቹ ደግመሽ አትጻፊ። ለመለሱልሽ ስድስቱ ብቻ በስማቸው «ስለመለስክልኝ አመሰግናለሁ» በያቸው፤ ሌላ አያስፈልግም። ሥራ አስገባሻለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ከመጣ ደግሞ መልስም አትስጪው።

አንድ የማትጠብቂው ዕድል አለሽ፤ የሚዘጋው ድርጅት ራሱ። ድርጅት ሊዘጋ ነው ሲባል ሰው እጁን ያጣጥፋል። ማለዳ መግባት ይቀራል፣ ፋይል በየጠረጴዛው ይበተናል። ግን ሥራው ያኔ ነው የሚበዛው። የመጨረሻው ቆጠራ አለ፣ የተበዳሪና የአበዳሪ ሒሳብ ማስታረቅ አለ፣ ለግብር ክሊራንስ የሚቀርበው ሰነድ አለ፣ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ መረጃ አለ። የጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሳይወጣ እንዳይቀር የምታሳስብ አንዲት ሰው ታስፈልጋለች። ባለቤቱ፣ ኦዲተሩ፣ የሚሰናበተው ሠራተኛ ሁሉ ያንን ሳምንት አይረሱትም። ባለቤቱም ነገ ሌላ ነጋዴ ስለ አንቺ ቢጠይቃቸው ትዝ የሚላቸው የመጨረሻው ወር ነው።

ሥራ ካገኘሽ በኋላስ? እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው ተመልሶ የሚጠፋው። ሥራ ያገኘሽ ሳምንት ለረዱሽ ሁሉ የሆነውን ንገሪያቸው። ምክሩ ያልሠራውንም ጨምረሽ። እኔ ስንቱን ከሰው አገናኝቼ መጨረሻውን ከሌላ ሰው ነው የምሰማው፤ አልቀየምም፣ ግን ሁለተኛ ጊዜ እጄ ይከብዳል።

ከዚያ በወር ሁለት ሰው ይበቃሻል፤ በምሳ ሰዓት፣ በስልክ። ትንሽ ደብተር ያዢ። ስም፣ መጨረሻ የተነጋገራችሁበት ወር፣ የነገረሽ ነገር። «እናቱ ታመው ነበር»፣ «በጥር ፈተና አለው»። በሚቀጥለው ስትደውዪ ከዚያ ትጀምሪያለሽ። በስምንት ሰው ካሰላሽው እያንዳንዱ በአራት ወር አንዴ ይደርሰዋል፤ ማንም አይሰለችሽም። ሊንክድኢን ካለሽ ይሁን፣ የት እንደደረሱ ለማወቅ ይጠቅማል፤ እዚያ ላይ ጥቅስ መለጠፍ ግን ሥራሽን ለማንም አያሳይም።

በአንድ ነገር ደግሞ ታወቂ። በሁሉም ሳይሆን በአንድ። ቋሚ ንብረት ላይ እጅሽ ጥሩ ከሆነ፣ አይ ኤፍ አር ኤስ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ ሽግግር ከመጣ ወዲህ ብዙ ድርጅት የሚቸገርበት መዝገብ እሱ ነው። ዕቃው አለ፣ መዝገብ ላይ የለም። መዝገብ ላይ አለ፣ ዕቃው ከተሸጠ ቆይቷል። የተገዛበት ሰነድ ጠፍቷል፤ የአገልግሎት ዘመኑ ሳይከለስ ዋጋው ዜሮ ገብቷል፣ ማሽኑ ግን እያገሳ ነው። አንድ የቀድሞ ባልደረባሽ እዚህ ላይ ሲጨነቅ ባዶ የኤክሴል ቅጽ ሠርተሽ አሳዪው። ባዶ አልኩሽ። የድርጅትሽን ቁጥር የያዘ ፋይል ለማንም አትላኪ፤ ዛሬ የሚያመሰግንሽ ሰው ራሱ ነገ «ይቺ ሚስጥር አትይዝም» ይላል፣ እውነቱንም ነው። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ «ቋሚ ንብረት ከሆነ እሷን ጠይቃት» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ተሳክቶልሻል። ይዘገያል፤ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ምንም ለውጥ ላታዪ ትችያለሽ።

ተመልሰሽ ወደ ድሮው እየገባሽ እንደሆነ ለማወቅ ቴሌግራምሽን ክፈቺ። ከአንድ ሰው ጋር የተጻጻፍሽውን ወደ ላይ ጎትቺው። መጨረሻ የጀመርሻቸው ሦስት ወሬዎች ሦስቱም «እባክሽ…» ብለው ከጀመሩ ለዚያ ሰው ጥያቄ የሌለበት ስልክ አለብሽ። ብድርና መልስ ግን አትቁጠሪ። ወንፈል አይደለም፤ አንድ ቀን አርሼልሃለሁ አንድ ቀን እረስልኝ አይባልበትም። አንዱን ትረጂና የሚደርስልሽ ሌላው ሊሆን ይችላል።

ስትጽፊልኝ አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ። ከእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ሥራ የትኛውን ወደድሽው? መልሱን ለባለቤትሽ ዛሬ ማታ ንገሪው፤ ከመልእክቱ በፊት መጥበብ ያለበት ያ መልስ ነው።

የልጅቷን ነገር ግን አታሳድሪው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቤት በምትሆንበት ሰዓት ደውዪላት። ለልጁ ብስኩት ነገር ያዢ፣ ልጆችሽንም ይዘሽ ሂጂ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።